ሳያብረቀርቅ የወረደ ቡና

እኔ ቡና ቆይ ነኝ። ቡና ቆልቼ የምሸጥ እንጂ ጠንቋይ አይደለሁም፣ ሙታን አነጋግራለሁ ብዬም አላውቅም። ስለ አስናቀው ሚስት ሰው በጠየቀኝ ቁጥር ይኼን አስቀድሜ የምናገረው ገዳሪፍ ወሬ ሲበዛ ስለማውቀው ነው። ያየሁትን እናገራለሁ። ጨመር አድርጊበት የሚል ካለ ሌላ ራኩባ ሥር ሄዶ ይስማ።

ቦታዬ ከሰሊጥ ገበያው ጀርባ ነበር። አራት አጣና ተተክሎ ላዩ በሣር የተከደነ ራኩባ፣ ከሥሩ ሁለት የከሰል ምድጃ፣ አንድ ሰፊ ብረት ምጣድ፣ ሰፌድና ሙቀጫ። ራሒማ ስትሉ ማንም ያሳያችኋል። ከመተማ ድንበሩን ተሻግሬ ስመጣ ጠጉሬ ገና ጥቁር ነበር፤ የሸበትኩት እዚያ ምጣድ ላይ ጎንበስ ብዬ ነው።

የዚህ አገር ሰው ቡናውን ጥቁር አድርጎ ነው የሚወደው። ዘይቱ ወጥቶ እስኪያብረቀርቅ ይቆላል፣ ከዝንጅብል ጋር ይወቀጣል፣ ስኳር ይበዛበታል። እኔም ሰው መጥቶ ቡና ካለኝ ሳልጠይቅ ጥቁሩን እሰፍርለታለሁ። አስናቀው መጀመሪያ የመጣ ቀንም እንደዚያው አደረግኩ። ጥፋቱ ከእኔ ነው የጀመረው፣ አልክድም።

ጊዜው ሰባ ሰባት፣ መጋቢት ነበር። ከወዲያ ማዶ ርሃብ ሰውን ጨርሶ የተረፈው በእግሩ እየመጣ ኡም ራኩባ፣ የስደተኞቹ ሰፈር፣ ይወድቃል። ወዲህም ዝናብ ከድቶ ዱራ፣ የእኛ ማሽላ፣ የወርቅ ያህል ሆኗል። የዚያን ዓመት ገበያ ሳስበው የሚመጣብኝ ዝምታው ነው። ሰው በአጠገባችሁ ሲያልፍ ኮቴው አይሰማም፤ ዞር ስትሉ ብቻ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ስንት ጊዜ ደንግጬ ማማሰያዬን ጥያለሁ።

አስናቀው የእህል መጋዘን ዘበኛ ነው። የጃናሞራ ሰው፣ ረዥም፣ ዓይነ አፋር፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ። ከሰባት ዓመት በፊት ወታደር ሊያደርጉት ሲያሳድዱት አምልጦ መጣ። ሚስቱን አሰጋሽን አግብቶ አብረው የኖሩት አንድ ዓመት እንኳ አይሞላም፣ እሱም በእናቱ ቤት ነው። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ የለ፣ መልእክት የለ። የካቲት ላይ ግን የአገሩ ሰዎች ኡም ራኩባ ገቡ ሲባል በሎሪ ተጭኖ ሄደና ከድንኳኖቹ መሐል ቆሞ "አሰጋሽ! የጃናሞራዋ አሰጋሽ!" እያለ ተጣራ። ሦስት ጊዜ ጠርቶ ዝም ሲል አንዲት ሴት ከመሬት ተነሳች። እቅፍ አድርጎ አለቀሰና ይዟት መጣ።

ይኼን ሁሉ የነገረኝ ቡናውን ሊገዛ የመጣ ዕለት ነው። ጥርሱን አይቼው የማላውቅ ሰው ያን ቀን ይስቃል። "እናቴ ቤት ቡና ትወድ ነበር፣ እትዬ ራሒማ፣ ሦስቱንም ትጠጣ ነበር" አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ጥቁሩን ሰፈርኩለት፣ መርቄም ጨመርኩ።

በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ።

"ቡናው ይመራል" አለኝ።

"ምን ሊሆን አስበህ ነበር፣ ማር?"

"ለእኔ ደህና ነው። ለእሷ ነው የመረራት። አፏ አድርጋ ትተፋዋለች።"

ሙያዬን የነካ ሰው ያናድደኛል፤ ግን ፊቱን ሳየው ተውኩት። ቡና ሲመር መጀመሪያ የሚጠየቀው ጀበናው ነው። ደጋግሞ ካገነፈሉት መልካም ቡና ያስጠላል። "ስንት ጊዜ ታገነፍለዋለች? አንድ ጊዜ ብድግ ሲል አውርዳ አተላው እስኪረጋ ትተወው" አልኩት።

"እሷ አታፈላም" አለ። "እኔ ነኝ የማፈላው። እሷ ማፍላቱ ጠፍቷታል።"

"ምን ማለት ነው ጠፍቷታል?"

"ጀበናውን ስሰጣት በየት በኩል እንደሚያዝ እንኳ አላወቀችም።"

ይኼን ሲል ማማሰያዬን አስቀመጥኩ። የባለትዳር እጅ ጀበና ይጠፋበታል? ርሃብ ነው፣ ርሃብ ያነሆልላል ብዬ ራሴን አጽናናሁና ሸኘሁት።

ከሁለት ቀን በኋላ ሲመጣ ያንን የሳቀውን ሰው አላገኘሁትም። ከንፈሩ ደርቋል፣ ዓይኑ ቀልቷል። በርጩማ ሳብኩለት፤ ተቀመጠ።

"አንድ ጊዜ ብቻ አገነፈልኩት። እንደነገሩኝ አረጋሁት። አሁንም ይመራታል።"

"ስኳር ጨምርላት።"

"ስኳር ከየት አምጥቼ?"

እውነቱን ነው፣ ያን ሰሞን ስኳር ዓይኑ አይታይም። "ጨውስ?" አልኩት፤ የእኛ አገር ሰው በጨው ይጠጣል፣ ትንሽ ጨው ደግሞ ምሬቱን ይሰብረዋል።

"ጨምሬ አየሁት። ቀነስ አለላት፤ ግን መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው ነው የምትውጠው።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እትዬ ራሒማ፣ እቤቴ ያለችው አሰጋሽ አይደለችም።"

"ምነው፣ ምን ነካህ?"

"የእናቴ ቡና ከዚህ ከአንቱ ቡና የጠቆረ ነበር። አሰጋሽ ሦስቱንም ስኒ ጭልጥ ታደርገው ነበር፤ ፊቷን ሳትቋጥር። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።"

"ሰባት ዓመት ነው ሰውዬ! ርሃብ ነው! ምላስ አይለወጥም?"

"እኔም ለራሴ ያንኑ ነግሬው ነበር" አለ። "ግን ስሙኝ። የሠርጋችንን ቀን ስጠይቃት ትነግረኛለች። ዝናቡን፣ በቅሎዋ መንገድ ላይ ማነከሷን፣ እናቴ በር ላይ ያለቻትን፣ ሁሉንም። በማግስቱ ያንኑ ስጠይቃት ያንኑ ትነግረኛለች፤ ቃል ሳትለውጥ፣ ትንፋሽ የወሰደችበት ቦታ እንኳ ሳይለወጥ። ዳዊት እንደሚደግም ሰው። አሰጋሽ ብዬ ስጠራት ደግሞ ወዲያው ዞር አትልም። ትንሽ ትቆያለች። ሌላ ሰው ሄዶ እስኪጠራት የምትጠብቅ ነው የሚመስለኝ።"

ከሰሉ በርቶ ነበር፣ ፀሐዩም እንደምታውቁት የገዳሪፍ መጋቢት ነው። እኔ ግን በረደኝ፤ ወላሂ በረደኝ።

"ፊቷስ?" አልኩት። "የሚስትህን ፊት አታውቀውም?"

ያን ጊዜ አለቀሰ። "አላስታውሰውም" አለኝ። "የምፈራው እሱን ነው። አንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ስንት ጊዜ ቀና ብዬ አየኋት? በእናቴ ፊት እኮ ነው የኖርነው። ድምፅዋ ይታወሰኛል፤ የዚህችን ድምፅ ጥም አድርቆት ነው ብዬ ተውኩት። ቡናዋም ይታወሰኛል። ፊቷ ግን ጠፍቶብኛል።"

ምን ይባላል? ውሃ ቀዳሁለት። እሱ ግን አልጨረሰም። መጋዘኑ ግቢ ውስጥ አብረውት የሚኖሩ የቀን ሠራተኞች ነገሩን ሰምተዋል። አየነው የሚባል አንድ አፈኛ አለ፤ እሱ ነው አሉ "ሚስትህን በመንገድ ላይ ቡዳ በልቷታል፣ በሬሳዋ ውስጥ ሌላ ነው የገባው፣ የሞተ አፍ ቡና አይቀበልም" ያለው። እሑድ ጎጆውን ዘግተው በበርበሬ ጭስ አፍነው ሊያስለፈልፏት ተስማምተዋል።

"አንተስ?" አልኩት።

"እኔም ፈራሁ። ማታ ተኝታ ሳለ ትናገራለች፤ የምትናገረው ግን በራሷ ድምፅ አይደለም።"

"በማን ነው ታዲያ?"

ፊቱን ወደ ምድጃው አዞረ።

ተናደድኩ። ስናደድ ድምፄ ገበያውን ያልፋል፤ ያን ቀን ግን ቀስ ብዬ ነው የተናገርኩት። "ስማኝ አስናቀው። ያቺ ከአጥንቷ በቀር ምንም የላትም፤ በርበሬ ቢያጥኗት አንድ ሰዓት አትቆይም። ከሞተች በኋላ ሚስትህ ሆና ብትገኝስ? ነገ ቅዳሜ ነው። ወደ እኔ አምጣት። ለምላሷ የሚስማማውን ቁል፣ የአቆላል ልኩን፣ አገኝላታለሁ። ፊቷን ሳትቋጥር ከጠጣችልህ አየነውን አፉን ትዘጋዋለህ። ተስማማን?"

"ሳትቋጥር ከጠጣች" አለ። "እስከ አተላው።"

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጡ። ሲመጡ አልሰማኋቸውም። ቀና ስል ሴትዮዋ ከራኩባው አጣና አጠገብ ቆማለች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች። እጇ ግን ይታያል፤ ጣቶቿ ቀጫጭን፣ ጥፍሯ ሥር አሸዋ የገባበት። ከኡም ራኩባ ከወጣች ስንት ቀን ሆኗታል፣ አሁንም አሸዋ።

"ነይ አሰጋሽ፣ ተቀመጪ" አልኳት።

አልተንቀሳቀሰችም። እኔም ሳላስበው አንድ፣ ሁለት ብዬ ቆጠርኩ። ከዚያ ገባችና ተቀመጠች። አስናቀው አየኝ።

አሁን ስለ ቡናው ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ጥሬ ቡና ምጣድ ላይ ሲውል መጀመሪያ ይገረጣል፣ ይቦዛል፣ ቀጥሎ የዳቦ ሽታ ያመጣል። ከዚያ እንደ በቆሎ ጧ ጧ እያለ ይንጣጣል። ያኔ ቢወርድ ቀለሙ ቀረፋ ነው፤ ይኼ ለጋው ነው። መንጣጣቱ ሲያልቅ ቡናው ዝም ይላል። ከዝምታው በኋላ ሁለተኛ ይንጣጣል፤ ይኼኛው ቀጠን ያለ፣ ደረቅ ሣር ሲረገጥ የሚሰማው ዓይነት ነው። ከዚያ ወዲያ ጭሱ ይበዛል፣ ዘይቱ ይወጣል፣ ጥቁሩ እሱ ነው። ምሬቱም በአብዛኛው ከዚያ ነው የሚመጣው፣ ከማረሩ።

ስለዚህ እንዲህ ብዬ አሰብኩ፤ ጥቁሩ ከመረራት ከሁሉ ያነሰ የተቆላውን ልስጣት። ብልጥ መሆኔ ነው። ለጋውን አወረድኩ፣ በሰፌድ አራግቤ ገለባውን አበረርኩ። ለጋ ቡና ጠጣር ነው፤ ሙቀጫው ውስጥ እንደ ጠጠር እየዘለለ ክንዴን አደከመው። አፈላሁና ቀዳሁላት፤ ስኒው ውስጥ ወደ ቀይ ያደላ ነው። ተቀበለችኝ፣ አንድ ጊዜ ፉት አለች፣ ሆዷን ያዘች።

"መረረሽ?"

"አይመርም" አለች። መጀመሪያ የሰማኋት ያኔ ነው። ድምፅዋ ጎርናና፣ የደረቀ ነው። "ይኼኛው ይቆርጣል። ኮምጣጤ ነው።"

ራሴን ረገምኩ። ሰው ምን ብሎ ይርሳው፤ ለጋ ቁል ምሬቱ ቢያንስ ኮምጣጣነቱ ገና አልለቀቀውም። የጠገበ ሰው ይወደው ይሆናል። ወራት የተራበ ሆድ ላይ ግን ምን ሲደረግ ይሰጣል! ይቅር በይኝ ብዬ ቁራሽ ኪስራ፣ የዱራ እንጀራ፣ ሰጠኋት፣ ውሃ ሰጠኋት። ስኒውን አጠገቧ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

አስናቀው ግን ብድግ አለ። ከኪሱ ባለፈው ከእኔ የገዛውን ጥቁር ቡና አውጥቶ እፊቷ ዘረጋው። መዳፉ በዘይቱ ወዝቷል። "አሰጋሽ ይኼን ነበር የምትጠጣው" አላት። "አንቺ ማን ነሽ?"

አላየችውም። ቡናውን ነው ያየችው። ፊቷ ላይ የመጣው ፍርሃት የሌባ ፍርሃት አልነበረም፤ አደራ የጠፋበት ሰው ፍርሃት ነበር። እኔ እንደዚያ ነው ያነበብኩት።

"ተቀመጥ" አልኩት። "ገና አልጨረስኩም። አንድ ቁል ይቀረኛል።"

ሦስተኛውን ምጣድ ላይ አዋልኩ። ይኼም ካልሆነላት ነገ ጭስ ነው፣ ጎጆው ይዘጋል፣ ያቺ ሴት አትወጣም። ማማሰል፣ ማማሰል። ገረጣ፣ ቦዘ፣ የዳቦ ሽታ መጣ። ተንጣጣ፤ ምጣዱን ሁሉ አንቀጠቀጠው። እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ዝም አለ።

መካከለኛው ቁል ያለው እዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። ቀድመህ ብታወርደው ኮምጣጣ፣ ብትዘገይ መራራ። የምትሰማው ነገር የለም፤ በዓይንህና በአፍንጫህ ነው የምትጠብቀው። ያን ቀን ቡናው ዝም ሲል ገበያውም አብሮ ዝም አለ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ አህያ አልጮኸ፣ ሎሪ አልተነሳ፣ ሰው አልተጣራ። ከሰሉ እንኳ ጤሰ እንጂ አልተንጣጣም።

በዚያ መሐል "አሁን አውርጂው" አለ ድምፅ። "ሳያብረቀርቅ።"

የልጅ እግር ሴት ድምፅ ነበር። ለስላሳ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ሳቅ ያለበት። ዞር አልኩ። ከሴትዮዋ በቀር ሴት አልነበረም። ከንፈሯ ገና አልተከደነም። አስናቀው ከበርጩማው ወርዶ በጉልበቱ መሬት ላይ ነው፤ ፊቱ አመድ ሆኗል።

እጄ ከእኔ ቀድሞ ሠራ። ምጣዱን አነሳሁ፣ ሰፌዱ ላይ ገለበጥኩት፣ አራገብኩ፤ ካላራገብከው በራሱ ግለት መቆላቱን ይቀጥላልና ቶሎ መቀዝቀዝ አለበት። ቡናው ጥርት ያለ ቡናማ፣ ደረቅ፣ አንዲት የዘይት ነጥብ የሌለበት። በሥራዬ ሁሉ እንደዚያ በልኩ የወረደ ቁል አላስታውስም። ወቀጥኩ፣ አንድ ጊዜ አገነፈልኩ፣ አረጋሁ፣ ቀዳሁ።

ስኒውን በሁለት እጇ ያዘች። አሸተተችው። ፉት አለች፣ ቆየች፣ ደገመች። ፊቷ አልተቋጠረም። እስከ አተላው ጠጣችውና ስኒውን ጭኗ ላይ አሳርፋ ለራሷ ነው የተናገረችው፣ በዚያ በጎርናናው ድምፅ፤

"እሷ ያለችው ይኼ ነው።"

አስናቀው ሰማ። እኔም ሰማሁ። እሷም ያለችውን ሰማችና ዓይኗን ጨፈነች።

"ማን እሷ?" አለ አስናቀው።

ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች። "ስሜ ቱርካ ነው" አለች። "አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ቤታችን ቡና ነውር ነው፣ አንተ ቤት እስክገባ ድረስ ቀምሼ አላውቅም። ከአሰጋሽ ጋር መንገድ ላይ ነው የተገናኘነው። አሥራ አንድ ቀን አብረን ሄድን። የተራበ ሰው ስለ እህል ነው የሚያወራው። እኔ ስለ እናቴ አተር ወጥ፣ እሷ ስለ እናቷ ቡና። እናቷ ቡናው ሲቀላ፣ ዝም ሲል፣ ሳያብረቀርቅ ነበር የሚያወርዱት። አሁን አውርጂው የምትላቸውም እሷ ነበረች፣ ልጅ ሳለች። ደጋግማ ስታወራኝ ሸተተኝ፤ ያልጠጣሁት ቡና ሸተተኝ። ሲመሽ መተኛት ስለምትፈራ ሌላውንም ታወራኝ ነበር፤ ሠርጉን፣ በቅሎዋን፣ አንተን። ድንበሩ ሁለት ቀን ሲቀረው ደረቅ ወንዝ ውስጥ ቀረች። በእጄ አሸዋ አለበስኳት።"

እጇን አየሁት። አስናቀውም አየው።

"ኡም ራኩባ ስትጣራ ሞታለች ልልህ ነው የተነሳሁት" አለችው። "አቀፍከኝ። አለቀስክ። ሞታለች ማለት አቃተኝ። ርቦኝም ነበር፤ እሱን አልደብቅህም። በማግስቱ እነግረዋለሁ አልኩ፤ በማግስቱ ባሰ። የምትጠይቀኝን እሷ በነገረችኝ ቃል ከመለስኩልህ እሷ በሕይወት ያለች ይመስለኝ ነበር። ቡናው ግን አልሆነልኝም። ሌላውን ሁሉ ነግራኝ ነበር፤ ምላሷን ልትሰጠኝ አትችልም።"

እኔ በሆዴ፣ እንግዲህ አለቀላት፣ ይኼ ሰው አሁን ይጮሃል ብዬ ነበር። አስናቀው ግን አልጮኸም። "ቅድም የተናገረው ድምፅ የእሷ ነው" አለ። "የአሰጋሽ ድምፅ ነው።"

"እኔ ምን አልኩ?" አለች ቱርካ። አታውቅም። በአላህ ስም፣ አታውቅም ነበር።

ከዚያ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። "አንድ የቀረኝ አደራ አለ። በመጨረሻዋ ቀን የነገረችኝ ነው። እሷ እንዳለችው ልበለው።" ዓይኗን ጨፍና ጀመረች፤ ድምፁም ቀስ በቀስ ከጎርናናው ወደዚያኛው ዞረ፣ ሳቅ ወዳለበት። "አስናቀውን ካገኘሽው እንዲህ በዪው። የእናትህን ቡና አንድም ቀን ወድጄ አልጠጣሁትም። አርሮ ይመረኝ ነበር። የአማት ቡና አይመለስም ብዬ ትንፋሼን ይዤ ነው የምውጠው። ሦስቱንም። አንተ ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ ታየኝ ነበር። አንድ ቀን ይመርሻል ወይ ብለህ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር። አልጠየቅከኝም። አሁን ነገርኩህ፣ ይመራል።"

ገበያው ያን ጊዜ ተመልሶ ጮኸ። አህያውም፣ ሎሪውም፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ።

አስናቀው ግንባሩን መሬት ላይ አድርጎ አለቀሰ፤ አንጀቴን በላው። ይመራል የሚለውን ቃል ሰምቶ ነው እኮ ሚስቴ አይደለችም ያለው። ሚስቱ ከዚያ ደረቅ ወንዝ ለእሱ የላከችው አንድ ቃል ቢኖር እሱ ነበር። ቱርካን በበርበሬ ሊያሳጥን የነበረው በዚያ ቃል ነው።

ብዙ ቆይቶ ተነሳ። በመዳፉ የነበረውን ጥቁር ቡና ምድጃው ውስጥ በተነው። ቱርካም ተነስታ ወደ ኡም ራኩባ የሚሄደውን ሎሪ በዓይኗ ትፈልግ ነበር።

"ቱርካ" አላት።

ወዲያው ዞረች።

"አሸዋ የት እንዳለበስሻት ለግቢው ሰዎች አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ። እኔ አልችልም። ነይ እንሂድ፣ ለቅሶ እንቀመጥ።"

እሑድ ያ ጎጆ አልተዘጋም፤ ለቅሶ ቤት ሆነ። በርበሬ ሊያጥን የነበረው አየነው ራሱ ደረቱን እየመታ ሲያለቅስ አይቻለሁ። አንድ ቃል ልናገረው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ የለቅሶ ቀን ነው ብዬ ዋጥኩት።

ቱርካ አልሄደችም። ዓመት ቆይተው ተጋቡ፣ ልጅም ወለዱ። አስናቀው በየቅዳሜው ከእኔ ዘንድ ይመጣል፤ እኔም ዛሬ ማንም ቡና ቢለኝ ሳልጠይቅ አልሰፍርም፣ ለእሱ ግን መጠየቅ አያስፈልገኝም፣ በዝምታው ያወረድኩትን ነው የምሰጠው።

አንድ ቀን ለቡና ጠሩኝና ሄድኩ። ሦስት ነን፤ እሱ፣ እሷ፣ እኔ። አራት ስኒ ተቀዳ። አራተኛውን አስናቀው ማንም ያልተቀመጠበት በርጩማ ፊት አስቀመጠው፣ ጎንበስ ብሎም "ይመርሻል ወይ?" አለ። እኔ ወሬዬን ቀጠልኩ፣ ምን ላድርግ። ልነሳ ስል ግን ስኒውን አየሁት። አተላው ብቻ ቀርቷል።

ቱርካን "አንቺ ነሽ?" ስላት አይደለሁም ብላ ራሷን ነቀነቀች። የገዳሪፍ ሙቀት ነው ያደረቀው የሚል አለ፤ ይበል። እኔ ቡና ቆይ ነኝ። ጥቁር ቁል ግን እዚያ ቤት ዳግመኛ አልገባም።